ቁመቱ ይጨምራል፣ ክብደቱ ግን ቆሟል፤ የ14 ዓመት ሯጭ ልጄ በቂ እየበላ ነው?

የሯጩ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ 800 እና 1500 ሜትር ይሮጣል። በሳምንት አምስት ቀን ልምምድ አለው። የዛሬ ዓመት ቁመቱ 158 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ አሁን 166 ደርሷል። ክብደቱ ግን ያኔም 48 ኪሎ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት ስንመዝነውም 48 ኪሎ ነው።

ከሦስት ወር በፊት ከልምምድ ተመልሶ «ቀላል የሆነ ሯጭ ይፈጥናል ተባልን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዳቦና ሩዝ ቀነሰ፣ ዘይት የነካውን ሁሉ መሸሽ ጀመረ፣ ስልኩ ላይም ካሎሪ የሚቆጥር መተግበሪያ ጫነ። አባቱ «ሥርዓት ያዘ፣ ምን ክፋት አለው?» ይላል። ትናንት ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል ሰጠሁት። አስኳሉን በማንኪያው ጫፍ ፈልቅቆ ወደ ሰሃኑ ጠርዝ ገፋውና ነጩን ብቻ በላ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ቁጥር ጻፈ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አየሁ፣ ምንም አላልኩም።

የሚያደናግረኝ ማታ ማታ ደህና አድርጎ መብላቱ ነው። ይሁን እንጂ የሩጫ ሰዓቱ ከመሻሻል ይልቅ እየባሰበት ነው፤ ብርድ አይችልም፤ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ሁለት ጊዜ ጉንፋን ይዞታል። በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚያስፈልገው የምታውቁ ንገሩኝና ቁጥሩን አስተካክዬ ልስጠው።

የሜዳ ዳር

እህቴ፣ አይጨነቁ። ታዳጊዎችን ለብዙ ዓመት አሠልጥኛለሁ። በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ ቁመት ይመዘዛል፣ ሥጋው ኋላ ይከተላል። ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የጎደለው ነገር ካለ ፕሮቲን ነው፤ ከልምምድ በኋላ በውኃ የሚበጠበጥ የፕሮቲን ዱቄት ይግዙለት። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት እየመዘኑ ይከታተሉት፣ በሁለት ወር ውስጥ ለውጡን ያያሉ።

የተከላካዩ አባት

እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ አለኝ። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ እግር ኳስ ይጫወታል፣ ሆዱ ወጣ ወጣ ብሏል። የዚህን ልጅ መተግበሪያ ስም ብትነግሩኝ እኔም ልጫንለት። ከእራቱ ምን ብቀንስ ይሻላል?

ሰሃንና ሩጫ

የተከላካዩ አባት፣ ወንድሜ፣ የእርስዎ ጥያቄ ተመሳሳይ ይመስላል እንጂ ተቃራኒ ነው። ብዙ ወንዶች ልጆች ቁመታቸው ሊመዘዝ ሲል ቀድመው ይወፍራሉ፤ ያን ስንቅ የሚጠቀሙበት ከዚያ በኋላ ነው። ከእራቱ አይቀንሱበት፣ መተግበሪያም አይጫኑለት። የሚያሳስብዎት ከሆነ ሐኪሙ የቁመቱንና የክብደቱን መዝገብ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ላይ ይይለት። ለብቻው ርዕስ ቢከፍቱ በሰፊው እንነጋገርበታለን።

ወደ እናታችን ልመለስ። ከወጣት አትሌቶች ጋር በምግብ ጉዳይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አሰልጣኙ የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። ክብደት ከቁመት ኋላ ይመጣል፣ ግን የሚዘገየው በወራት ነው። በዚህ የዕድገት ወቅት አንድ ወንድ ልጅ በዓመት 8 ወይም 9 ኪሎ ቢጨምር አያስገርምም። 8 ሴንቲ ሜትር አድጎ በዓመት አንድ ኪሎ እንኳ ያልጨመረ ልጅ ግን «ይከተላል» ተብሎ የሚተው አይደለም። ክብደቱ ባይቀንስም፣ ለቁመቱ ሲታይ ቀንሷል።

ሰውነት ያገኘውን ምግብ እንዴት እንደሚያከፋፍል ልንገርዎት። ሩጫው ድርሻውን አስቀድሞ ይወስዳል፤ እግሩ እየሮጠ ነውና «ቆይ» ሊባል አይችልም። የቀረው ነው ለሙቀት፣ ከበሽታ ለመከላከል፣ ለአጥንት፣ ለጉርምስና የሚደርሰው። የቀረው ሲያንስ ሰውነት ቆጣቢ ይሆናል። ብርድ አለመቻሉ፣ ጉንፋኑ መመላለሱ፣ ሰዓቱ መባሱ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ላይሆኑ ይችላሉ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ይህን በስፖርት የሚመጣ የኃይል እጥረት ራሱን የቻለ የጤና ችግር አድርጎ የመዘገበው በ2014 ነው፤ ሲመዘግብም ሴቶችን ብቻ ሳይሆን ወንዶችንም እንደሚነካ ጨምሮ ነው።

የካሎሪ ቁጥር ለልጁ አልሰጥም። ለምን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የአንድ የልምምድ ቀን ውሎውን ከነሰዓቱ ይጻፉልኝ። ምን እንደበላ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደበላ። ሌላው ደግሞ፣ እግሩን ያመዋል?

የሯጩ እናት

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል። ሻይ ይጠጣል፣ አንዳንድ ቀን የእንቁላል ነጭ ይጨምራል። 4 ሰዓት ላይ ያለውን እረፍት ከጓደኞቹ ጋር ነው የሚያሳልፈው፣ ምንም አይበላም። 6 ሰዓት ተኩል ምሳ ነው፤ የቋጠርኩለትን ሩዝ እየመለሰ አትክልቱን ይበላል። 10 ሰዓት ልምምድ ይጀምራል፣ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ቤት የሚደርሰው 1 ሰዓት አካባቢ ነው፤ «አልራበኝም» ብሎ ገላውን ይታጠባል። 2 ሰዓት ላይ እራት ነው፤ ያኔ ትልቅ ሰሃን ሰላጣ፣ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ቀጥሎም ፍራፍሬ ይበላል። ሆዱ እስኪነፋ ይበላል።

እግሩን ስላሉኝ ደነገጥኩ። አዎ፣ የግራ ቅልጥሙን ያሻሸዋል። እኔ የጫማ ነገር ነው ብዬ ነበር።

ሰሃንና ሩጫ

ስለ ጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አሁን ይመልከቱት፤ ይህ ልጅ ከእንቅልፉ ተነስቶ 9 ኪሎ ሜትር እስኪሮጥ ድረስ የሚረባ ምግብ ሳያገኝ ነው የሚውለው። ከሩጫው በኋላም ከሁለት ሰዓት በላይ ባዶ ሆዱን ይቆያል። ማታ ሆዱ ይሞላል፣ ግን የሞላው በአመዛኙ በቅጠልና በውኃ ነው። ሰላጣ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ቦታ ይይዛል፣ ኃይሉ ግን ትንሽ ነው። «ደህና ይበላል» ያሰኘዎት የሰሃኑ ትልቅነት ነው።

«አልራበኝም» ማለቱም ውሸት አይደለም። ከጠንካራ ልምምድ በኋላ ረሃብ ለጊዜው ይጠፋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቀን ረሃብን ብቻ የሚያዳምጥ ልጅ ሳይበላ ይቀራል። አትሌት በሰዓቱ ይበላል፣ ልክ በሰዓቱ ሜዳ እንደሚገኘው።

እኔ እራቱን አልነካም። ሦስት ቀዳዳ ብቻ እደፍናለሁ። ጠዋት ከቤት ሳይወጣ እውነተኛ ቁርስ ይብላ፤ ገንፎ በወተት፣ ወይም ዳቦ በሙሉ እንቁላል። ከልምምዱ አንድ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ አንድ ሙዝና ኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ሁለት ቁራጭ ዳቦ። ልምምዱ እንዳለቀ፣ ቤት እስኪደርስ ሳይጠብቅ፣ ግማሽ ሊትር ወተት። ያልራበው ልጅ መጠጥ እምቢ አይልም፣ ወተቱን የመረጥኩት ለዚህ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ተደምረው ከ700 እስከ 800 ካሎሪ ይሆናሉ። ይህን ቁጥር ለእርስዎ ነው የነገርኩዎት፣ ለእርሱ አይድረስ።

ለምን አይድረስ? እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች በአብዛኛው የተሠሩት ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ አዋቂ ሰው ነው። በዚህ ዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ስላደገ ልጅ የሚያውቁት ነገር የለም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ ዛሬ የጻፈው ቁጥር ነገ ሊያልፈው የማይገባ ጣሪያ መሆኑ ነው። እርስዎ ቁጥሩን ከፍ ቢያደርጉለትም ልጁ የሚማረው ምግብ የሚፈቀድና የሚከለከል ነገር መሆኑን ነው።

ቅልጥሙን በተመለከተ ግን አንድ ቀንም አይጠብቁ። በጣት ሲጫኑት አንድ ቦታ ላይ ነጥሎ የሚያመው ከሆነ፣ ወይም ተኝቶ እያለ የሚያመው ከሆነ፣ ሐኪም እስኪያየው ሩጫ ያቁም።

የቀድሞ 3000 ሯጭ

ስለ ቅልጥሙ የተጻፈውን አነበብኩና ዝም ማለት አልቻልኩም። በ16 ዓመቴ የወር አበባዬ ሰባት ወር ቀረ። ለአሰልጣኜ ስነግረው «ጠንክረሽ ስለምትሠሪ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው» አለኝ፤ አመንኩት። በወቅቱ የምበላው ሁሉ «ንጹሕ» የሚባል ምግብ ነበር፤ በዚያ እኮራ ነበር። ከዚያ ቀኝ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። የመጀመሪያው ራጅ ምንም አላሳየም፤ «ደህና ነሽ» ተባልኩና ሮጥኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ራጅ ስንጥቁን አሳየ። አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን አለፈኝ።

እናት፣ ራጁ ንጹሕ ነው ቢባል እንኳ ሕመሙ ካልለቀቀው እንዳይለቁት።

ሰሃንና ሩጫ

የጻፉት ትክክል ነው፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ኤም አር አይ ግን ቀድሞ ያሳያል። የሴት ልጅ የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ማየት አለባት፤ 15 ዓመት ሞልቷት ጭራሽ ካልመጣም እንዲሁ። ወንዶች ይህን የመሰለ ግልጽ ደወል የላቸውም፤ ስለዚህ ነው የእነርሱ ዘግይቶ የሚታወቀው።

አጥንቱን የማከብደው ዕድሜው ስለሆነ ነው። ሰው በአዋቂነቱ ከሚኖረው የአጥንት ማዕድን ሩቡ ያህል የሚከማቸው በዕድገቱ ጫፍ ዙሪያ ባሉት ሁለት ዓመታት ነው። ቁመቱ ቀድሞ ይረዝማል፣ አጥንቱ ኋላ ይጠጥራል። ይህ ልጅ አሁን ያለው በዚያ መካከል ነው።

የሜዳ ዳር

ቀላል ሯጭ ይፈጥናል ያለውን አሰልጣኝ አልደግፈውም፣ እኔም እንዲህ አልልም። ነገር ግን ፕሮቲኑን ለምን ዘለሉት? ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይሠራም። መመዘኑስ ምን ነውር አለው? ሳይመዝኑ መጨመሩን በምን ያውቃሉ?

ሰሃንና ሩጫ

ፕሮቲኑን አልዘለልኩትም፣ ያልጎደለ ስለሆነ ነው። 48 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት ሯጭ በቀን ከ60 እስከ 75 ግራም ቢያገኝ በቂ ነው። ሥጋውን፣ ዓሣውን፣ የእንቁላሉን ነጭ ይበላል፤ ወተቱና ቁርሱ ሲጨመሩ ይደርሳል። ዋናው ኃይል ሲያንስ ሰውነት ፕሮቲኑን ራሱን ያነደዋል። ዳቦና ሩዝ ሳይመለሱ ዱቄት ብንጨምርለት በውድ እንጨት እሳት እንደ ማንደድ ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ ዱቄቶች ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ነገር ተገኝቷል፤ ተወዳዳሪ ልጅ በአበረታች ቅመም ምርመራ ቢያዝ ኃላፊነቱ የራሱ ነው።

መመዘኑ ላይ አሁንም አልስማማም። ሐኪሙ ይመዝነው፣ ቁመቱንም አብሮ ይለካው፣ በየሁለት ወሩ ይበቃል። ልጁ ሚዛኑን ባያይም ይሆናል።

የሜዳ ዳር

የዱቄቱን ተቀብያለሁ። ሚዛኑን ግን አልተቀበልኩም። ልጆች ቁጥር ቢያዩ የሚደነግጡት እኛ ስለምንደብቃቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋናተኛዋ

እኔ 17 ዓመቴ ነው፣ ዋናተኛ ነኝ፣ ሐሳብ ብሰጥ ቅር አትሰኙብኝ። ጋሼ፣ በእኛ ቡድን ዓርብ ዓርብ ሁላችንም ፊት ለፊት እንመዘን ነበር። ሐሙስ ማታ እራት የምትበላ ልጅ አልነበረችም። እኔም አልበላም ነበር። ዓርብ ጠዋት ውኃ ውስጥ ክንዴ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይሆንብኝ ነበር። አዲሷ አሰልጣኛችን ሚዛኑን አነሳችው።

እናት፣ ልጅዎትን «ብላ፣ ብላ» አይበሉት። እኔን እናቴ እንዲህ ስትለኝ ይበልጥ እደብቅ ነበር። የረዳኝ እናቴ ራሷ አብራኝ ቁጭ ብላ የምበላውን ስትበላና ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ነው። ከልምምድ በኋላ ደግሞ ወተቱን ሁላችንም አብረን ስለምንጠጣ ማንም ማንንም አያይም።

የሯጩ እናት

የእኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዛሬ ለባለቤቴ ያንቺን ጽሑፍ አነበብኩለት።

የሯጩ እናት

ስድስት ሳምንት ሆነኝ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ሐኪሙ ቅልጥሙን ሲነካው አንድ ቦታ ላይ ዘለለ። ራጁ ንጹሕ ነበር፤ እዚህ የተጻፈውን ባላነብ ኖሮ ተመልሼ እሄድ ነበር። ስለጠየቅሁ ኤም አር አይ ታዘዘለት፤ አጥንቱ ውስጥ እብጠት ተገኘ፤ ገና አልተሰነጠቀም። ሩጫ ለስድስት ሳምንት ተከለከለ፣ ሳያመው ብስክሌት ይነዳል። በደሙ ምርመራ ሄሞግሎቢኑ ደህና ነው፣ የብረት ክምችቱ ግን ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒት ተሰጥቶታል። ሻዩንም ከምግብ ጋር አቁሟል፣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል ተብለን።

መተግበሪያውን ያጠፋው አባቱ ነው። ተቆጥቶ አላጠፋውም፤ አጠገቡ ተቀምጦ «እኔም ተሳስቼ ነበር» ብሎት አብረው አጠፉት። ልጁ ያን ቀን አኮረፈ፣ እራትም ሳይጨርስ ተነሳ። አሁን ቁርስ ይበላል፣ ወተቱን ይጠጣል። እንቁላል ከነአስኳሉ የሚበላው ከተጠበሰ ነው፤ የተቀቀለውን ዛሬም ይፈለቅቀዋል።

አዲስ የገጠመኝ ነገር አለ። አሁን ስለማይሮጥ «አልሮጥኩም፣ ለምን እበላለሁ?» ብሎ የ9 ሰዓቱን ዳቦ ይመልሳል። ምን ልበለው? ደግሞስ ይህ የልጅ ግትርነት ነው ወይስ ሌላ በሽታ?

ሰሃንና ሩጫ

አጥንት የሚጠገነው ባረፈበት ጊዜ ነው፤ አሁን ቢያጎድል የሚያጎድለው ከጥገናው ነው። ይህን እርስዎ ከሚነግሩት ሐኪሙ ቢነግረው ይሻላል፣ እንደ ሕክምናው አካል፣ ልክ እንደ ብረቱ መድኃኒት። በከባድ ልምምድ ቀን የሰሃኑ ግማሽ ሩዝ፣ ፓስታ ወይም ድንች ነበር እንበል፤ በእረፍት ቀን አንድ ሦስተኛ ቢሆን አይጎዳም። ቁርሱና ዳቦው ግን በቦታቸው ይቆዩ።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን ከዚህ ሆኜ መመለስ አልችልም። የማየው ግን ይህን ነው። ከሰው ጋር መብላት ከሸሸ፣ በላሁ ብሎ ሳይበላ ከቀረ፣ ልምምድ ሲቀርበት ሰላም ካጣ፣ ከተቀመጠበት ሲነሳ ከዞረበት፣ ነገሩ ከዳቦና ከወተት አልፏል፤ በምግብ ላይ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም የሚያውቅ ባለሙያ ይይው። አንድ አስኳል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አስኳሉና የተመለሰው ዳቦ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ለሚቀጥለው ቀጠሮ ጽፈው ይሂዱ።

የሜዳ ዳር

እህቴ፣ ወደ ሩጫ ሲመለስ በመጀመሪያው ቀን 9 ኪሎ ሜትር እንዳያስሮጡት። ሩጫና እርምጃ እያፈራረቀ ይጀምር። አሰልጣኙን ሄደው ያነጋግሩት፤ ካልሰማዎት ከሐኪሙ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ፣ ደብዳቤ እንሰማለን።

የሯጩ እናት

ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ዳቦውንም አስኳሉንም ጽፌያለሁ። ዛሬ 9 ሰዓት ላይ ምንም ሳልለው ለራሴም ሁለት ቁራጭ ቀብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ስለ ብስክሌቱ ጎማ ስናወራ አንዱን አነሳ። ሁለተኛውን ተወው።